በእሳት ማስጠንቀቂያ ዞን ውስጥ የተቋረጠ መስመርን ማፈላለግ፦ በኮንቬንሽናልና በአድሬሰብል ሥርዓቶች

የእሳት ማስጠንቀቂያ ፓናል በአንድ ዞን ውስጥ ብልሽት መኖሩን ሲያመለክት፣ ለቴክኒሺያኑ የሚሰጠው መረጃ እንደ ሥርዓቱ ዓይነት ይለያያል። «ዞን» የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ትርጉም የለውም። በኮንቬንሽናል ሥርዓት ዞን ማለት ከፓናሉ የሚነሳ አንድ ጥንድ ሽቦና በእርሱ ላይ የተገጠሙት ዲቴክተሮች ናቸው። በአድሬሰብል ሥርዓት ግን ዞን በፓናሉ ፕሮግራም ውስጥ የተመዘገበ ስብስብ ነው፤ በአንድ ሉፕ ላይ ያሉ ዲቴክተሮች በተለያዩ ዞኖች ሊመደቡ ይችላሉ። የብሪታንያው ስታንዳርድ ቢኤስ 5839-1 የአንድ ዞን የወለል ስፋት ከ2,000 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ስፋት እሳትን በዓይን ለሚፈልግ ሰው በቂ ሊሆን ይችላል፤ የላላ ሽቦ ለሚፈልግ ሰው ግን እጅግ ሰፊ ነው።

የኮንቬንሽናል ፓናል ዲቴክተሮቹን አንድ በአንድ አያውቃቸውም፤ የሚያየው በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንት ብቻ ነው። በመስመሩ ጫፍ የመጨረሻ ሬዚስተር ይገጠማል። ሬዚስተሩ 4.7 ኪሎ ኦም፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ደግሞ 24 ቮልት ቢሆን፣ በሬዚስተሩ ውስጥ ዘወትር 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ያልፋል። አንድ ዲቴክተር ጭስ ሲያገኝ ኮረንቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሽቦው ሲቋረጥ ደግሞ በእጅጉ ይቀንሳል። ፓናሉ ጭማሪውን እሳት፣ ቅነሳውን ብልሽት ብሎ ይተረጉመዋል። መስመሩ የት እንደተቋረጠ ግን ሊናገር አይችልም። ከተቋረጠበት ቦታ ወዲያ ያሉት ዲቴክተሮች በሙሉ እሳት ቢያዩም ማሳወቅ ስለማይችሉ፣ ብልሽቱ በይደር የሚተው አይደለም።

ለማሳያነት 12 ዲቴክተሮች ያሉት፣ የመጨረሻ ሬዚስተሩ በ12ኛው ዲቴክተር መቀመጫ ላይ የተገጠመ ዞን ይወሰድ። ቴክኒሺያኑ ለሕንጻው ኃላፊዎች ካሳወቀ በኋላ የዞኑን ሽቦዎች ከፓናሉ ይነቅልና በቦታቸው 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገባል። የብልሽቱ መብራት ከጠፋ ፓናሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ውጭ ባለው መስመር ላይ ነው። ቀጥሎ የተነቀሉትን ሽቦዎች በማልቲሜትር ሲለካ ወደ 4.7 ኪሎ ኦም የቀረበ ንባብ ሊያገኝ ይገባል። ንባቡ ወደ ዜሮ ቢጠጋ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል፤ በዚህ ምሳሌ ግን ሜትሩ ወሰን የለሽ ሬዚስታንስ ያሳያል፤ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው።

ከመለካቱ በፊት ዞኑን ዞሮ ማየት ተገቢ ነው። በብዙ መቀመጫዎች ላይ መስመሩ የሚቀጥለው በዲቴክተሩ በኩል ስለሆነ፣ ቀለም ቀቢ ነቅሎ የረሳው አንድ ዲቴክተር ያንኑ ምልክት ይፈጥራል። የተነቀለ ካልተገኘ ፍለጋው ከመሃል ይጀምራል። በ6ኛው መቀመጫ ላይ ወደ 7ኛው የሚወጡት ሽቦዎች ተፈትተው ሲለኩ 4.7 ኪሎ ኦም ከተነበበ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሽ ደህና ነው። ሁሉም ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ በ3ኛው ላይ ተመሳሳይ ልኬት ሲወሰድ መስመሩ ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ በ5ኛው ላይ ደህና ይሆናል፤ በ4ኛው ላይ እንደገና ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ችግሩ ከ4ኛው በሚወጣው ሽቦና በ5ኛው መቀመጫ መካከል ነው። 5ኛው መቀመጫ ሲፈተሽ ገቢው ሽቦ ከብሎኑ ሥር ወጥቶ ይገኛል። አሥራ ሁለቱን በተራ ከመክፈት ይልቅ አራት ልኬቶች በቅተዋል። ይህ ንባብ የሚሠራው ግን መጨረሻው ተራ ሬዚስተር ሲሆን ነው፤ አንዳንድ ፓናሎች ካፓሲተር ወይም ሌላ ኤሌክትሮኒክ ክፍል ይጠቀማሉ። በዚያ ጊዜ ቴክኒሺያኑ ሬዚስታንስ ከመለካት ይልቅ የመጨረሻውን ክፍል ራሱን ወደ መሃል አምጥቶ የፓናሉን ምላሽ ያያል።

በአድሬሰብል ሥርዓት ይኸው ሽቦ ቢወጣ ሁኔታው ሌላ ነው። ሉፑ ከፓናሉ ወጥቶ ወደ ፓናሉ ስለሚመለስ፣ በአንድ ቦታ ሲቋረጥ ፓናሉ ከሁለቱም ጫፎች መሣሪያዎቹን ማነጋገሩን ይቀጥላል፤ ሁሉም ዲቴክተሮች ይመልሳሉ፤ የሚታየው ሉፑ መከፈቱን የሚገልጽ መልእክት ነው። ብዙዎች ይህን መልእክት የሚያቃልሉት ሁሉም ነገር የሚሠራ ስለሚመስል ነው። ሁለተኛ መቋረጥ ሲመጣ ግን በሁለቱ መካከል ያሉት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ።

ዝም ያሉት አድራሻዎች ዝርዝር የተጎዳውን ክፍል ያሳያል፤ አድራሻ ግን የሽቦ ቅደም ተከተል አይደለም። 21፣ 22 እና 37 ዝም ቢሉ፣ 37ን በሌላ የሕንጻው ክፍል የሚፈልግ ቴክኒሺያን ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ያሉ ሊመስለው ይችላል። 37 ምናልባት ክፍሉ ሲከፋፈል በኋላ ተጨምሮ በ21 እና በ22 መካከል የገባ ዲቴክተር ይሆናል። ይህን የሚያውቀው ፓናሉ ሳይሆን፣ ሽቦው በትክክል እንደተዘረጋ የተሳለው የሥራ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ያልታደሰ ከሆነ ቴክኒሺያኑ እንደ ኮንቬንሽናሉ ሁሉ መቀመጫ እየከፈተ ሽቦውን መከተል ይኖርበታል።