የቁምስና ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ አያያዝ፦ የት ይቀመጥ? እስከ መቼ? እንዴትስ ይፈለግ?



በብዙ ቁምስናዎቻችን የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሆኖ የሚመረጠው ካቴኪስቱ ወይም ጽሕፈት የለመደ አንድ ምእመን ነው። ቃለ ጉባኤ መጻፍን ፈጥኖ ይለምደዋል። የተጻፈውን ከዐሥር ዓመት በኋላ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ አጻጻፉ ሳይሆን፣ ከተጻፈና ከተፈረመ በኋላ ስላለው አያያዝ እንመለከታለን።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንነሣ። የአንድ ቁምስና ምክር ቤት እሑድ ሚያዝያ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ተሰብስቦ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር በምሥራቅ በኩል ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲታጠርና ጎረቤት ለጊዜው እንዲተላለፍበት ወሰነ እንበል። በ2016 ዓ.ም. ጎረቤትየው «ቦታው የእኔ ነው» አለ። ቆሞሱ ተለውጠዋል፤ የያኔው ጸሐፊም ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ምክር ቤቱ በዓመት ዐሥር ጊዜ ከተሰበሰበ፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ወደ 120 የሚጠጉ ቃለ ጉባኤዎች ተጽፈዋል። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ አለ። ጥያቄው የትኛው ነው የሚለው ነው።

1. እስከ መቼ ይቆይ?

ወረቀቱን በሦስት ከፍሎ ማየት ይበቃል።

አንደኛው ለዘወትር የሚቀመጠው ነው። የቁምስናው ምክር ቤት፣ የገንዘብ ምክር ቤቱና የምእመናን ጠቅላላ ጉባኤ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ፣ በውስጡ «በተያያዘው መሠረት» ተብሎ ከተጠቀሰው ካርታ፣ ውል ወይም ደብዳቤ ጋር፣ ፈጽሞ አይወገድም። አባሪው ከጠፋ ቃለ ጉባኤው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ለተወሰነ ዘመን የሚቆየው ነው። ውሳኔውን ለማስፈጸም የተጻፉ የክፍያ ሰነዶች፣ ደረሰኞችና የዋጋ ማቅረቢያዎች፣ ሥራው ካለቀበት ዓመት ጀምሮ ቢያንስ ዐሥር ዓመት ይቆዩ። ዐሥር የተባለበት ምክንያት አለው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሌላ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ የሚታገደው በዐሥር ዓመት ነው። መሬትንና ሕንፃን የሚመለከት ማናቸውም ሰነድ ግን ወደ አንደኛው ክፍል ይገባል።

ሦስተኛው የሚወገደው ነው። የስብሰባ ጥሪ ወረቀት፣ የጸሐፊው ረቂቅና የድምፅ ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነብቦ እስኪጸድቅና እስኪፈረም ድረስ ብቻ ያስፈልጋሉ። ከጸደቀ በኋላ ረቂቁ ቢቆይ፣ አንድ ቀን ከጸደቀው ጋር የሚጋጭ ሁለተኛ ምስክር ይሆናል።

2. የት ይቀመጥ?

ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው ቤት አይቀመጥም፤ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ሲለወጥ ነውና። ቦታው የቁምስናው ጽሕፈት ቤት፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ነው። ምስጥ ባለበት አካባቢ ከእንጨት የብረቱ ይሻላል፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ርቆ ይቁም። ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት ማሰር እርጥበትን ያፍናል፤ የብረት መርፌና ስፒል ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። ከማሽን የሚወጣ የሙቀት ወረቀት ደረሰኝ ጽሑፉ ስለሚጠፋ ፎቶ ኮፒው ተነሥቶ አብሮ ይያያዝ።

ገጹ ቁጥር ያለው የተጠረዘ መዝገብ ከልቅ ወረቀት ይመረጣል፤ ከመካከሉ ገጽ ቢቀደድ ወዲያው ይታወቃል። በኮምፒዩተር የሚጻፍ ከሆነ ታትሞ፣ እያንዳንዱ ገጽ ተፈርሞበት በየዓመቱ ይጠረዝ። በፍላሽ ብቻ የተቀመጠ ቃለ ጉባኤ ፊርማ የለውም፤ ፍላሹም ይበላሻል።

ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ያስፈልጋል። የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 491፣ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 261፣ የየቁምስናው ሰነዶች ዝርዝር በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በቁምስናው፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሲላክ፣ ስለ መሬትና ስለ ሕንፃ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ቅጂ አብሮ ቢላክ መልካም ነው።

3. ማውጫው እንዴት ይዘጋጅ?

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ስብሰባ በዓመቱ ውስጥ ተራ ቁጥር ይሰጠው። የምሳሌያችን ስብሰባ የዓመቱ ሰባተኛ ከሆነ «7/2004» ይባላል፤ ሦስተኛው አጀንዳ «7/2004፣ አጀንዳ 3» ይሆናል። ከዚያም በአንድ የተለየ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል ጥቂት ገጽ ተመድቦ፣ ቃለ ጉባኤው በጸደቀ ዕለት እያንዳንዱ ውሳኔ በአንድ መስመር ይጻፍ፦

አጥር፣ ምሥራቅ በኩል — 2 ሜትር ወደ ውስጥ፣ ለጊዜው — 7/2004፣ አጀንዳ 3 — ሚያዝያ 14 ቀን 2004 — ገጽ 112

በዚህ ሥራ ሦስት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ።

የመጀመሪያው «ስለ» የሚለው ቃል ነው። አጀንዳዎቻችን «ስለ አጥር»፣ «ስለ መዘምራን»፣ «ስለ ጣሪያ ጥገና» ተብለው ይጻፋሉ። እንዳሉ ወደ ማውጫው ከተገለበጡ ሁሉም በ«ሰ» ሥር ይከማቻሉ፤ ማውጫውም ማውጫ መሆኑ ይቀራል። «ስለ» እና «የ» ተነሥተው ነገሩ ራሱ ይቅደም፦ «አጥር»፣ «መዘምራን»፣ «ጣሪያ፣ ጥገና»።

ሁለተኛው ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ሀብት» ሲል ሌላው «ሐብት» ይላል፤ አንዱ «ሥራ» ሲል ሌላው «ስራ»። ፈላጊው በአንዱ ፊደል ሥር ካጣው የለም ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ቦታ፣ ሰ እና ሠ በአንድ ቦታ፣ አ እና ዐ በአንድ ቦታ፣ ጸ እና ፀ በአንድ ቦታ ተጠቃለው ይመዝገቡ። ይህ ደንብ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ሁለት ስም ላለው ነገርም አንዱ ተመርጦ፣ በሌላው ሥር «ቅጥር — አጥርን ተመልከት» ተብሎ ይጠቆም። የሰው ስም በራሱ ስም ይመዝገብ፤ የአባት ስም አይቅደም።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋል። «14/8/04» ተብሎ የተጻፈ ቀን ሚያዝያ ይሁን ኦገስት አይታወቅም። ወሩ በስሙ፣ ዓመቱ በአራት አኃዝ ይጻፍ፤ የውጭ ደብዳቤ ከውሳኔው ጋር ከተያያዘ ሁለቱም ቀን ይመዝገብ፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. (ኤፕሪል 22 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.)።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። የሰውን ክብር የሚነካ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ጠብ ወይም የምስጢር እርዳታ፣ በማውጫው ላይ በስም አይገለጽም፤ «ልዩ ጉዳይ፣ 3/2004» ተብሎ ይመዘገባል። ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ በቆሞሱ እጅ ይቆያል።

አሁን ወደ አጥሩ እንመለስ። ማውጫ ያለው ቁምስና «አ»ን ገልጦ፣ ገጽ 112ን አውጥቶ፣ የጎረቤትየው ፊርማ ያለበትን አባሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሽማግሌዎች ያቀርባል። ማውጫ የሌለው ግን በሦስት ገጽ አንድ ጊዜ ወደ 360 ገጽ ያነብባል። ማውጫ ሳይኖረው ለቆየ ቁምስና፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲሱን እየመዘገቡ፣ ከድሮው ደግሞ መሬትንና ሕንፃን የሚመለከተውን ብቻ በማስቀደም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። በወር አንድ ዓመት ከታየ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ በአንድ ዓመት ይጠናቀቃል። የሥራ ዘመኑን የሚጨርስ ጸሐፊም መዝገቡን፣ ማውጫውንና ቁልፉን በጽሑፍ፣ ቆሞሱ ባሉበት ያስረክብ፤ ርክክቡም ራሱ በማውጫው «ር» ሥር ይመዝገብ።