«ይታይ» እና «ይፈቀድ»፦ በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል ማመልከቻ አዘገጃጀት

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ለአንድ የበላይ ኃላፊ የሚቀርብ ማመልከቻ መልስ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በሌላ ደብዳቤ ሳይሆን በራሱ በማመልከቻው ኅዳግ ላይ ነው። ኃላፊው አንድ ወይም ሁለት ቃል ይጽፋሉ፤ ይፈርማሉ፤ ወረቀቱም ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። እነዚህ ቃላት በሁለት ወገን ሊመደቡ ይችላሉ። «ይፈቀድ»፣ «ይፈጸም»፣ «አይቻልም» የሚሉት ጉዳዩን ይቋጫሉ። «ይታይ»፣ «ተጠንቶ ይቅረብ»፣ «ያነጋግሩኝ» የሚሉት ግን ውሳኔውን ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ ሌላ ቀን ያሻግራሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሚጻፍ የሚወስነው የኃላፊው ፈቃደኝነት ብቻ ሳይሆን የማመልከቻው አዘገጃጀትም መሆኑን በአንድ ጉዳይ አማካይነት ያሳያል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቱን የሠራው የግዥ ጥያቄ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ግዥው እስከሚጠናቀቅበት ቀን ድረስ በሚወስደው ጊዜ ላይ ነበር። ለዚህም የአንድ ቢሮን የግዥ ፋይሎች ማንበብ አስፈለገው። ለቢሮው ኃላፊ ያቀረበው የመጀመሪያ ማመልከቻ ሁለት ገጽ ነበር። የጥናቱን መነሻ፣ ዓላማና ጠቀሜታ ካብራራ በኋላ «ለጥናቴ የሚያስፈልጉኝን መረጃዎች በማግኘት ረገድ አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። በኅዳጉ ላይ የተጻፈው መልስ «ለሰው ሀብት፤ ይታይ» የሚል ሆነ። የሰው ሀብት ክፍል ጉዳዩ ለሠራተኞች መጠይቅ ማሰራጨት መስሎት ወደ ዕቅድ ክፍል መራው። የዕቅድ ክፍልም የትኛው መረጃ እንደተፈለገ ስላልተገለጸለት ማመልከቻውን መለሰው። በዚህ ሁሉ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ለመስክ ሥራ ከተመደበው ጊዜ አንድ ሦስተኛው ማለት ነው።

በዚህ ሂደት ማንም ሰው እምቢ አላለም። ኃላፊው «ይፈቀድ» ብለው ቢጽፉም እንኳ ቃሉ የሚያርፍበት ነገር አልነበረም። «ትብብር ሁሉ» ስንት ፋይል ነው? ለስንት ቀን? ፋይሉ ከክፍሉ ይወጣል ወይስ አይወጣም? በኅዳግ ላይ የሚጻፍ ቃል የራሱ ይዘት የለውም፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከጎኑ ካለው ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ወሰን ከሌለው ፈቃዱም ወሰን አይኖረውም። ወሰን የሌለው ፈቃድ ላይ መፈረም ደግሞ ለአንድ ኃላፊ በተጠያቂነት ረገድ አደገኛ ነው። ስለዚህ «ይታይ» የቸልተኝነት መልስ ሳይሆን ለዚያ ጥያቄ ሊሰጥ የሚችለው ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ነበር።

ሁለተኛው ማመልከቻ ግማሽ ገጽ ብቻ ሆነ። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፦

«በ2015 በጀት ዓመት የተዘጉ 60 የግዥ ፋይሎችን ከጥር 13 እስከ ጥር 24 ባሉት 10 የሥራ ቀናት በመዝገብ ቤቱ ውስጥ እንዳነብ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ። የምመዘግበው ጥያቄው የቀረበበትንና ግዥው የተጠናቀቀበትን ቀን ብቻ ነው። የአቅራቢ ስምና ዋጋ አልመዘግብም፤ ፋይል ከክፍሉ አላወጣም፤ ቅጂም አላነሣም። የግዥ ዳይሬክተሩ በዚህ አሠራር መስማማታቸውን ከዚህ በታች በፊርማቸው ገልጸዋል። መዝገብ ቤቱ ፋይሎቹን ለይቶ ለማውጣት ሦስት የሥራ ቀን ስለሚያስፈልገው ውሳኔው እስከ ጥር 8 ቢሰጠኝ በተባለው ቀን ለመጀመር እችላለሁ።

ውሳኔ፦ ይፈቀድ ____ አይፈቀድ ____ እንነጋገር ____»

ማመልከቻው በቀረበ በሁለተኛው ቀን «ይፈቀድ» በሚለው ላይ ተፈርሞበት ተመለሰ።

ለውጡ ከርዝማኔ ይልቅ ውሳኔውን የማዘጋጀት ሥራ ከኃላፊው ወደ አመልካቹ መዛወሩ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚጠየቀውን ድርጊት፣ ብዛቱን፣ ጊዜውንና ቦታውን ይዟል፤ ኃላፊው ከዚያ በታች ያለውን ባያነቡ እንኳ ምን እንደፈቀዱ ያውቃሉ። ቀጥሎ የመጣው አንድን ኃላፊ ከመፈረም የሚያግደው ስጋት ነው፤ በግዥ ጉዳይ ይህ የአቅራቢና የዋጋ ምስጢር ነው። ኃላፊው «የክፍሉ አስተያየት ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር የዳይሬክተሩ ስምምነት አስቀድሞ ተገኝቷል። ቀነ ገደቡም ኃላፊውን ለማጣደፍ የተጻፈ ሳይሆን ከመዝገብ ቤቱ ሥራ የመነጨ ምክንያት አለው።

በውሳኔው መስመር ላይ ያሉት ሦስት ምርጫዎች አዲስ ፈጠራ አይደሉም። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ከሚቀርቡ የውሳኔ ማስታወሻዎች ብዙዎቹ በመጨረሻቸው የማጽደቂያና ያለማጽደቂያ መስመር ይዘው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹም «እንነጋገር» የሚል ሦስተኛ መስመር አላቸው። ሦስተኛው ምርጫ ቸል ሊባል አይገባውም። እርሱ ከሌለ አንድ ጥርጣሬ ብቻ ያላቸው ኃላፊ ወይ እምቢ ይላሉ ወይ ወረቀቱን ያቆዩታል።

ማመልከቻው ሌላም አንባቢ አለው፤ እርሱም ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ሰው ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኃላፊውን አግኝቶ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ በእጁ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አመልካቹ ከማስገባቱ በፊት አንድ ፈተና ሊያደርግ ይችላል። በኅዳጉ ላይ «ይፈቀድ» ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ ያስብና ጉዳዩን ለማያውቅ ባልደረባው ወረቀቱን ይስጠው። ባልደረባው ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ሳይጠይቅ መናገር ከቻለ ማመልከቻው ተሟልቷል።

የቋንቋችን ጠባይም በአንድ ቃል መልስ ላይ የራሱን ችግር ያስከትላል። በቃል ለቀረበ ጥያቄ «እሺ» የሚል መልስ ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻም ሊሆን ይችላል። በአሉታ የቀረበ ጥያቄ ደግሞ ይባስ ያደናግራል። «ብጀምር ቅሬታ አይኖርዎትም?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» የተባለ እንደሆነ ቅሬታ አለ ወይስ የለም? «ሰኞ ወይስ ረቡዕ?» ለሚል ጥያቄም «እሺ» መልስ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው በአዎንታ፣ በአንድ ድርጊትና በአንድ ምርጫ ላይ ሊቆም ይገባዋል። ሁለት ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለት መስመር ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ አንዱ «ይፈቀድ» የትኛውን እንደፈቀደ አይታወቅም።

ይህ አሠራር ወሰን አለው። ከአንድ ጉዳይ በመነሣት የአዘገጃጀቱን ውጤት ከዳይሬክተሩ ፊርማ ክብደት ለይቶ መመዘን አይቻልም። ከዚህም በላይ ለሁሉም ጉዳይ አይስማማም። ኃላፊው ራሳቸው አማራጮችን ማመዛዘን በሚገባቸው ጊዜ ጥያቄውን ወደ አንድ ቃል ማጥበብ ውሳኔውን ከእጃቸው መንጠቅ ነው። «መልስ ካልተሰጠኝ እንደተፈቀደ እቆጥራለሁ» የሚለው አነጋገርም ፈቃድ በሚያስፈልገው ጉዳይ ተቀባይነት የለውም፤ ዝምታ በኅዳግ ላይ አይፈረምምና። የሚጎዳን እውነታ በማስቀረት የተገኘ «ይፈቀድ» ደግሞ እውነታው በታወቀ ጊዜ ይሻራል፤ ያ አመልካች ቀጥሎ የሚያመጣው ወረቀትም «ይታይ» ከመባል አያመልጥም።