ከኬላ በፎቶግራፍ የመጣ የጉምሩክ ቅጽ እንዴት ይተረጎማል?

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ ገላባት ላይ በሞባይል የተነሳ አንድ የዐረብኛ ቅጽ አብርሃ ጅራ ላለ ዘመድ ይደርሰዋል። እሱም «እስቲ ይኼን አንብቡልኝ» ብሎ ወደ ተማሩት ልጆች ይልከዋል። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ይህ ለእኛ ለቆላ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ በትርጉም ትምህርታችን የምንመለከተው እንዲህ ያለውን ቅጽ ነው፤ ይኸውም ሱዳን የሚገባ መንገደኛ ምን እንደያዘ የሚሞላበት ወረቀት ነው።

በቅጹ ራስ ላይ «ኢቅራር ጁምሩኪ» ይላል። ሁለተኛው ቃል አያስቸግርም። የእኛ «ጉምሩክ» እና የእነሱ «ጁምሩክ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቃሉ ከቱርክ የመጣ ሲሆን፣ ቱርኮቹ ከግሪክ፣ ግሪኮቹ ደግሞ ንግድ ከሚለው የላቲን ቃል ወስደውታል። የሚያስቸግረው «ኢቅራር» ነው። «ማስታወቂያ» ብሎ የሚተረጉመው ሰው አይጠፋም። ማስታወቂያ ግን መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚናገርበት ነው፤ እዚህ ተናጋሪው መንገደኛው ራሱ ነው። «ኢቅራር» ሰው በራሱ ላይ አምኖ የሚሰጠው ቃል ማለት ነው። የእኛ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ለዚህ «ዲክላራሲዮን» የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ ለመሥሪያ ቤት ጥሩ ነው፤ ለገበሬና ለነጋዴ ግን «የያዝሁትን ዕቃ ማሳወቂያና ማረጋገጫ» ብንል ይገባዋል። «ማረጋገጫ» የሚለው መቅረት የለበትም፤ ምክንያቱም ከግርጌ የሚፈረመው ፊርማ ሰውየውን የሚይዘው በዚህ ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ በየጥያቄው አንጻር ሁለት ባዶ ሣጥን አለ፤ «ነዓም» ማለትም አዎ፣ እና «ላ» ማለትም የለም። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ጥያቄው በቀኝ፣ አዎ ከጥያቄው ቀጥሎ፣ የለም ደግሞ በግራ ዳር ይሆናል። በአማርኛ ስንጽፍ ጥያቄው ወደ ግራ ይዞራል። ታዲያ ጥያቄውን አዙረን ሣጥኖቹን በነበሩበት ብንተዋቸው፣ «የለም» የነበረው ከጥያቄው ቀጥሎ ይገባና አንባቢው አዎ የሚባልበት ቦታ ነው ብሎ ምልክት ያደርጋል። በእኛ ቅጂ ላይ ትክክል ሞልቶ ያየው ሰው እዚያ ሄዶ ዋናው ላይ ሲሞላ ተቃራኒውን ይሞላል። ስለዚህ በትርጉሙ ሣጥን አጠገብ ሁሉ «አዎ» እና «የለም» ተብሎ በቃል ይጻፍ፤ ከራሱ ደግሞ «በዋናው ቅጽ ላይ አዎ በቀኝ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

ፎቶግራፍ ሌላ ጣጣ አለው። የዐረብኛ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚለየው በነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ካሜራ ሲንቀጠቀጥ ቀድማ የምትጠፋ ነገር ናት። «ቲብግ» ማለት ትምባሆ ነው፤ «በይዕ» ማለት ሽያጭ ነው። ነጥባቸው ከጠፋ የሁለቱ ቅርጽ አንድ ነው። «ለሽያጭ የያዝከው አለ?» የሚለው «ትምባሆ አለ?» ተብሎ ከተተረጎመ፣ ትምባሆ የማይነካ ነጋዴ ኩንታል ሸቀጡን አስቀምጦ የለም ይላል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። በምሥራቁ የዐረብ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ብቻ ስትሆን፣ አምስት ክብ ነው፣ ስድስት ደግሞ የእኛን 7 ይመስላል። የወረቀት ጉድፍ ዜሮ ይሆናል፤ 5 ቁጥር ዜሮ ተብሎ ይነበባል። ሰባት አፉን ወደ ላይ የከፈተ፣ ስምንት እንደ ጎጆ ክዳን የተደፋ ስለሆነ ፎቶው ከተገለበጠ ይቀያየራሉ። እንግዲህ የገንዘብ ልክ የተጻፈበት መስመር ሲያጋጥመን፣ ቁጥሩን ከሌላ የታወቀ ቁጥር ጋር፣ ለምሳሌ ከታተመበት ዓመተ ምሕረት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዕቃው ዓይነት እንምጣ። ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው። «አምቲዓ ሸኽሲያ» የግል መገልገያ ነው፤ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ በእጅ ያለ ስልክ። «ሙቀየዳ» ገደብ ያለበት ማለት ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ከሰጠ ያልፋል። «መምኑዓ» የተከለከለ ነው፤ ብታሳውቀውም አያልፍም። ገደብ ያለበትን «የተከለከለ» ብለን ብንተረጉም፣ መድኃኒት የያዘ በሽተኛ ፈርቶ ይደብቃል፤ ያን ጊዜ የሚያስጠይቀው ኪኒኑ ሳይሆን መደበቁ ይሆናል። ማሳወቅ ማለት መክፈል እንዳልሆነም በትርጉሙ መታየት አለበት። ቀረጥ ይከፈል አይከፈል የሚወሰነው ከታወቀ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ ሠርተን እንይ። አንዲት እናት ገዳሪፍ ላለው ልጃቸው ሊጠይቁ ይሄዳሉ እንበል። በሻንጣቸው የራሳቸው ልብስና ስልክ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ 1 አዲስ ስልክ፣ 5 ኪሎ ጤፍ፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ ለልጃቸው 1 ጠርሙስ አረቄ፣ ጎረቤት «አድርሱልኝ» ያሉት የተሰፋ ጥቅል አለ። ልብሱና የእጅ ስልኩ የግል መገልገያ ነው። አዲሱ ስልክ ግን ስጦታ ቢሆንም «ለሌላ ሰው የሚሰጥ» በሚለው መስመር አዎ ይባላል፤ «ከሚያ» በሚለው ስር ብዛቱ 1፣ «ቂማ» በሚለው ስር ዋጋው ይጻፋል። ዋጋው ሲጻፍ ብር ይሁን የሱዳን ፓውንድ አብሮ ይገለጽ፤ ባዶ ቁጥር ተቀባዩ እንደፈለገው ይተረጉመዋል።

ጤፉና ኪኒኑ ላይ ቆም እንበል። ቅጹ «ሑቡብ» ሲል እህልም ይሆናል፣ ኪኒንም ይሆናል፤ በዐረብኛ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። የሚለየው ጎረቤቱ ነው። ከዘርና ከተክል ጋር ከተደረደረ እህል ነው፤ እሜቴ ጤፋቸውን ያስመዘግባሉ። ከመድኃኒት ጋር ከሆነ ኪኒን ነው፤ ከአደንዛዥ ዕፅ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የሐኪም ወረቀታቸውን ቢይዙ ይበጃቸዋል። ተርጓሚው «እህል» ብቻ ብሎ ካለፈ ኪኒኑ ሳይነገር ይቀራል።

አረቄው «ኹሙር» ከሚለው ስር ይወድቃል። ቃሉን «ቢራና ውስኪ» ብሎ መተርጎም ማጥበብ ነው፤ የእኛ ሰው ጠጅና አረቄ የቤት ነገር እንጂ የሚከለከል አይመስለውምና «ማንኛውም የሚያሰክር መጠጥ፣ ጠጅና አረቄ ጭምር» ይባል። ሱዳን ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠጥን በሕግ ከልክላ በ2020 ሙስሊም ላልሆኑ መጠጣቱን ፈቅዳለች፤ ቅጹ ግን ስለ መጠጣት ሳይሆን ስለ ማስገባት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ከራሱ «ይፈቀዳል» ብሎ አይጨምርበት። ጠርሙሱን እቤት መተው ነው የሚሻለው።

የተሰፋው ጥቅል ከሁሉ ይከፋል። የግርጌው ቃል «በሻንጣዬ ያለውን አውቃለሁ፣ ኃላፊነቱም የእኔ ነው» የሚል መንፈስ ያለው ሲሆን ጥቅሉ ያልተፈታ ሰው እንዲህ ብሎ ሊፈርም አይችልም። ስለዚህ ይህ መስመር ረዝሞም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ይተርጎም፤ ተርጓሚዎች ደክሟቸው የሚዘሉት ግርጌውን ነው።

ፎቶው ላይ የማይነበብ ቃል ሲያጋጥም በግምት አይሞላም። በቦታው «አይነበብም» ተብሎ ይጻፍና የጥያቄው ቁጥር ተጠቅሶ ላኪው ያንን ጥግ ብቻ ቀርቦ፣ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ፣ ጥላው ሳያርፍበት ደግሞ እንዲያነሳ ይነገረው።