ማኅተም ያለው ወረቀት ሁሉ ደረሰኝ አይደለም

ይድረስ በደብረ ማርቆስ ለምትገኙ ጎረቤቶቻችን፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ለሁላችሁም።

በረመዷንም ሆነ በዓመት በዓል ሰሞን በራችንን የሚያንኳኳ አይጠፋም። አንዱ ለመስጊድ ማሠሪያ፣ ሌላው ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ሌላው ለትራንስፎርመር መዋጮ ይላል። ብዙዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ አጭበርባሪው የሚሸሸገውም በእነርሱ መሐል ነው። ታዲያ በምን እንለየው?

አብዛኞቻችን ማኅተም ካየን እናምናለን። ነገር ግን ማኅተም በድብቅ ይቀረጻል፤ የደረሰኝ ጥራዝም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገዛል። ደረሰኝ የሚታመነው የታተመ ተራ ቁጥር ሲኖረውና ጥራዙ ለዚያ ሰብሳቢ መሰጠቱ በላከው ክፍል መዝገብ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ጻፉና የመስጊዱን ኮሚቴ፣ የሰበካ ጉባኤውን ወይም ቀበሌውን ጠይቁ።

እውነተኛ ጥራዝ ይዞ የሚሰርቅም አለ። 500 ብር ሰጣችሁ እንበል። ሰውየው ካርቦኑን ያወጣና በእናንተ ቅጠል ላይ 500 ይጽፋል፤ ከሄደ በኋላ በቀሪው ላይ 50 ይሞላል። እናንተ ትክክለኛ ደረሰኝ ይዛችኋል፤ 450 ብሩ ግን በኪሱ ቀርቷል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ደረሰኙ ከመቀደዱ በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ከሥር መተላለፉን እዩ።

ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ ከፊሉን «ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜ፣ በሕዝብ ፊት ቆመው ነቅፈውታል። ታማኝ ሰብሳቢ ሲጠየቅ አይቆጣም። የሚቸኩልና የሚያስፈራራ ከሆነ ግን ጥርጣሬያችሁ ይጠንክር።

የመብራት ክፍያም እንዲሁ ነው። ቆጣሪ አንባቢ ቁጥር ይመዘግባል እንጂ ገንዘብ አይቀበልም፤ ሂሳቡ የሚከፈለው እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ቴሌብር ባሉ መንገዶች ነው። «ዛሬ ካልከፈላችሁ መስመሩ ይቆረጣል» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ቢመጣ አትስጡት።

ከሁሉ የሚሻለው በበር ላይ አለመክፈል ነው። ገንዘቡን ራሳችሁ አድርሱ፤ ወይም በባንክ አስገቡ። የሂሳብ ቁጥሩን ግን በር ካንኳኳው ሰው ሳይሆን ከኮሚቴው ተቀበሉ። በስልክ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሂሳቡ ባለቤት ስም ይታያል፤ የግለሰብ ስም ከሆነ እዚያው አቁሙ።

ይህ ሁሉ በሌላ ስም ለሚሰበስብ ነው። ለራሱ ርቦት የሚለምነውን ደረሰኝ አምጣ አንለውም።

የተታለለ ካለ ሰውየውን ለመደብደብ አይነሣ። አታላይነት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ደረሰኙን ጠብቆ ይያዝ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ ለፖሊስ ያመልክት። ለእድሩም ይንገር፤ ያ ሰው ነገ የሚያንኳኳው የጎረቤቱን በር ነውና።

ወሰላሙ ዐለይኩም።