ስለ መጋዘን ዕቃ፤ በቀጠሮ ከማዘዝና በልክ ከማዘዝ ወጪው የሚያንሰው የትኛው እንደ ሆነ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ውሃ ከጕድጓድ እየተሳበ በሚጠጣበት ስፍራም በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል። በእንዲህ ያለ አገር የሚቆም የእርሻ ዕቃ መጋዘን ሁለት ጕዳት ይጠብቁታል። ገበሬው የተባይ መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ መደርደሪያው ባዶ የሆነ እንደ ሆነ፥ ተባዩ መኪና እስኪመጣ አይታገሥም። ይህን በመፍራት ዕቃው ከመጠን በላይ የተከማቸ እንደ ሆነ ደግሞ ገንዘቡ ታስሮ ይቀመጣል፤ መድኃኒቱም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ያልፍበታል።

በእነዚህ በሁለቱ ጕዳቶች መካከል ለመሄድ ሁለት የማዘዝ ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው በልክ ማዘዝ ነው፤ ይኸውም ዕቃው በወጣ ቍጥር ቀሪው ይመዘገብና አስቀድሞ ከተወሰነ ልክ ላይ በደረሰ ጊዜ፥ ቀኑ ማክሰኞም ይሁን ዓርብ፥ ያን ጊዜውን ሁልጊዜ አንድ የሆነ መጠን ይታዘዛል። ሁለተኛው በቀጠሮ ማዘዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቀኑ የታወቀ ነው፥ ለምሳሌ በየሦስት ሳምንቱ ሰኞ፤ በዚያ ቀን ዕቃው ይቈጠርና እስከ ተወሰነው ጣሪያ የጐደለው ይታዘዛል። እንግዲህ በፊተኛው መጠኑ የጸና ሲሆን ቀኑ ይለዋወጣል፤ በኋለኛው ቀኑ የጸና ሲሆን መጠኑ ይለዋወጣል።

ልዩነቱ በቍጥር እንዲታይ በጎብዬ አንድ መጋዘን አለ ብለን እናስብ፤ ቍጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ይህ መጋዘን በበጋ የመስኖ ወራት በየሳምንቱ በአማካይ 40 ጠርሙስ የተባይ መድኃኒት ይሸጣል፤ ከሦስቱ ሳምንት በሁለቱ ያህል ሽያጩ ከ25 በታች ወይም ከ55 በላይ አይሆንም። ከወልድያ የታዘዘው ዕቃ በሰባት ቀን ይደርሳል። በልክ የሚያዝ ሰው የሚያሰጋው ይህ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን 40 ጠርሙስና ላልታሰበ ሽያጭ 25 ጠርሙስ መጠባበቂያ ቢይዝ፥ በ65 ጠርሙስ ልክ ላይ ሲያዝ፥ ዕቃው ሳይደርስ የሚያልቅበት ከሃያ ትእዛዝ በአንዱ ያህል ብቻ ነው።

በየሦስት ሳምንቱ የሚያዘው ግን የሚያሰጋው ጊዜ ሌላ ነው። ዛሬ ሰኞ ቈጥሮ ካዘዘ በኋላ እስከሚመጣው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ዓይኑን ከመደርደሪያው ላይ አንሥቷል፤ ያን ጊዜ የሚያዘውም ዕቃ ገና ሌላ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የዛሬው ትእዛዝ አራት ሳምንት ማዝለቅ ይገባዋል። ለአራት ሳምንት የሚያስፈልገው 160 ጠርሙስ ነው። መጠባበቂያው ግን አራት እጥፍ ሊሆን አይገባውም፤ አንዱ ሳምንት ሽያጩ ቢበዛ ሌላው ያንሳልና፥ ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን መጠባበቂያው ሁለት እጥፍ ቢሆን ይበቃል። ይህ 50 ጠርሙስ ነው፤ ጣሪያውም 210 ይሆናል። በቀጠሮው ቀን በመደርደሪያ ላይ 70 ቢገኝ የሚታዘዘው 140 ነው። ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ቢኖር እንደ ተቀበሉት ሆኖ ይቈጠራል። ይህን የሚረሳ ሠራተኛ አንዱን ጕድለት ሁለት ጊዜ ያዝዛል፤ መጋዘኑ በወር ውስጥ አንድ ጊዜ ባዶ አንድ ጊዜ የተጨናነቀ የሆነ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ይኸው ነው።

እንግዲህ በቀጠሮ ማዘዝ በዚህ ዕቃ ላይ 25 ጠርሙስ ትርፍ መጠባበቂያ ያስይዛል። ጠርሙሱ 600 ብር ቢሆን 15,000 ብር ታሰረ ማለት ነው፤ ለታሰረ ገንዘብና ለብልሽት በዓመት ከመቶው 20 ቢታሰብ ጕዳቱ 3,000 ብር ነው። መጋዘኑ ከመድኃኒቱ ሌላ ጆንያ፥ ገመድና ማጭድ ይሸጣል፤ እነዚህ ርካሾች ስለ ሆኑ ተመሳሳዩ ጕዳት በያንዳንዱ 300 ብር እንበል። የአራቱ ድምር 3,900 ብር ይሆናል።

በዚህ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁሉን በልክ ማዘዝ ይሻላል ይላል፤ መኪናውን ግን አልቈጠረም። እያንዳንዱ ዕቃ በዓመት 17 ጊዜ ያህል ይታዘዛል። በልክ ከሆነ አራቱ ዕቃዎች በየራሳቸው ቀን ስለሚጐድሉ ትእዛዙ 68 ጊዜ ነው፤ በቀጠሮ ከሆነ ግን አራቱ በአንድ ቀን ታዝዘው በአንድ መኪና ይመጣሉ። የኪራይ መኪና ለአንድ ጉዞ 1,200 ብር ቢጠይቅ፥ በቀጠሮ 20,400 ብር፥ በልክ 81,600 ብር ይወጣል። በዚህ ፊት የ3,900 ብር መጠባበቂያ ምንም አይደለም።

ነገር ግን ጎብዬ በትልቁ መንገድ ላይ ናት። ዕቃው በሚያልፈው አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ለአንድ ጭነት 100 ብር የሚከፈልበት ከሆነ፥ አራቱ ጭነት በአንድ ቀን ቢመጡም በአራት ቀን ቢመጡም ሒሳቡ በዓመት 6,800 ብር ነው። የአንድነት ጥቅም ጠፋ፤ ያን ጊዜ የሚፈርደው የመጠባበቂያው ዋጋና የመመዝገቡ ድካም ነው። ለመድኃኒቱ 3,000 ብር ለማዳን መዝገብ መያዝ ይገባል፤ ለማጭድ 300 ብር ለማዳን በየሽያጩ መጻፍ ግን ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ መጋዘን መድኃኒቱ በልክ፥ የቀሩት ሦስቱ በቀጠሮ ቢታዘዙ ወጪው ከሁሉ ያንሳል። ከመንገድ ርቆ በኪራይ መኪና ብቻ የሚደረስበት መጋዘን ግን መድኃኒቱንም ከሌሎቹ ጋር በቀጠሮ ቢያዝ ይሻለዋል።

የመመዝገቡን ድካም የሚያስቀር ቀላል ዘዴም አለ። 65ቱ ጠርሙስ ለብቻው ተለይቶ በገመድ ይታሰራል፤ ሽያጩ ከሌላው ይደረጋል፤ ሌላው አልቆ ገመዱ በተፈታበት ቀን ትእዛዝ ይጻፋል። አዲሱ ዕቃ ሲደርስ አሮጌው ከፊት ይደረግና 65ቱ ከአዲሱ ይታሰራል፤ አለዚያ የታሰረው ጊዜው እስኪያልፍበት ይቀመጣል። ይህ ዘዴ የሚያታልለው አንድ ገዥ በአንድ ጊዜ ብዙ በወሰደ ጊዜ ነው። 70 ጠርሙስ ቀርቶ አንድ ማኅበር 50 ቢገዛ፥ ልኩ ሳይታይ ወደ 20 ይወረዳል፤ ለአንድ ሳምንትም አይበቃም። እንዲህ ያሉ ገዥዎች ባሉበት ልኩ ከፍ ይላል፤ ወይም የጅምላ ገዥ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ይደረጋል።

ሁለቱን ሥርዓት ያጣመረ ምሳሌ ለሚሻ በአገራችን የጤና ጣቢያዎች መድኃኒት አለ። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተዘረጋው የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ቈጥሮ ለአራት ወር እስከሚበቃው ጣሪያ እንዲያዝ ተደነገገ። ይህ በቀጠሮ ማዘዝ ነው። ነገር ግን በመካከሉ አንዱ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ከሚበቃው በታች የወረደ እንደ ሆነ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ የአስቸኳይ ትእዛዝ እንዲላክ ተጨመረበት፤ ይህም ልክ ነው። የአስቸኳይ ትእዛዝ እየበዛ የሄደበት መጋዘን ጣሪያው የተሠራበት አማካይ አርጅቷል ማለት ነው።

አማካዩም በራያ ቆላ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በመስኖው ወራት የተሠራ 65 በሌላው ጊዜ ይበዛል፤ ስለዚህ ልኩም ጣሪያውም ወራቱ በተለወጠ ቍጥር እንደገና ይሰላል። የአንበጣ መንጋ በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት በራያ ቆቦ ማሽላና ጤፍ ላይ በወረደበት ጊዜ እንደ ሆነው ያለ መዓት ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው፤ ለዚያ የሚሆነው መድኃኒት ከመደበኛው ዕቃ ተለይቶ፥ ለብዙ ወረዳዎች በአንድነት፥ በአንድ ማዕከል ይቀመጣል እንጂ በየመጋዘኑ መጠባበቂያ ላይ አይጨመርም።