«እንከፍላለን» ብሎ የፈረመ ማነው የሚከፍለው?

ሰንጋ ተራ ባንኮችና መድን ድርጅቶች የተሰባሰቡበት፣ በየሕንፃው የአስመጪና የአቅራቢ ቢሮ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው በደብዳቤ ነው፤ ነገሩ ካልተስማማ ደግሞ ያው ደብዳቤ ልደታ ፍርድ ቤት ቀርቦ የማስረጃ ቁጥር ይሰጠዋል። ጸሐፊው ግን ሲጽፍ የሚያስበው ስለ ዳኛው ሳይሆን ስለ ተቀባዩ ነው። ስለዚህም «ቢቆጣብኝስ?» ብሎ ቃሉን ያለሰልሳል፣ ወይም «ይፍራኝ» ብሎ ያከርራል። እኔ የምለው፣ ከቃሉ መለስለስና መክረር ይልቅ ሁለት ነገሮች የገንዘቡን ዕጣ ይወስናሉ፦ «እኛ» ወይም «እኔ» ሲባል ማን እንደሚገደድ፣ እና በደብዳቤው ውስጥ ቁርጥ ያለ መጠንና ቀን መኖሩ።

አንድ ጉዳይ እናስብ። የቢሮና የካፌ ዕቃ የሚያቀርብ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ካፌ በጋራ ለሚከፍቱ ሁለት ጓደኛሞች የ360 ሺህ ብር ወንበርና ጠረጴዛ ሸጠ። ጓደኛሞቹ ማኅበር አላቋቋሙም፤ ውሉን ሁለቱም በየስማቸው ፈረሙ። 120 ሺህ ብር ከፍለው ቀሪውን 240 ሺህ ብር እስከ ጥር 30 ሊከፍሉ ተስማሙ። ጥር አለፈ፤ ገንዘቡ አልገባም።

ሻጩ የካቲት ላይ «ሲመቻችሁ ቀሪውን ብታስቡበት ደስ ይለናል» ብሎ ቢጽፍ ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ በሕግ ግን ደካማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ባለገንዘቡ ውሉ አልተፈጸመም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ቁጥር 1773 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን በሚያሳይ ሌላ ድርጊት ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። «ሲመቻችሁ» የሚለው ቃል ይህን ፍላጎት ያደበዝዘዋል፤ የባለዕዳው ጠበቃም «ደንበኛዬ ጊዜ ተራዝሞለታል» ለማለት በር ያገኛል። ቁርጥ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስገኘው ጥቅምም ትንሽ አይደለም። በቁጥር 1803 መሠረት የገንዘብ ዕዳ የዘገየበት ሰው ሕጋዊውን ወለድ መክፈል የሚጀምረው ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ቀን ነው፤ መጠኑም በቁጥር 1751 በዓመት ዘጠኝ ከመቶ ነው። በ240 ሺህ ብር ላይ ይህ በዓመት 21,600፣ በወር 1,800 ብር ይሆናል። ባልተቆረጠ ደብዳቤ ስድስት ወር ያለፈበት ሻጭ 10,800 ብሩን በክርክር ውስጥ ያስገባል።

«የመክፈያው ቀን በውሉ ተጽፎ ሳለ ማስጠንቀቂያ ለምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቁጥር 1775 ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዱ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም የተባለበትና ጊዜው ያለፈበት ነው። «ብቻ» የሚለውን ልብ ይሏል። ለሠርግ ቀን የታዘዘ ምግብ ከሠርጉ ማግስት ቢመጣ ዋጋ የለውም፤ ከጥር 30 በኋላ የሚገባ ገንዘብ ግን ያው ገንዘብ ነው። የመክፈያ ቀን መጻፉ ብቻ ማስጠንቀቂያን ያስቀራል ወይስ አያስቀርም የሚለው ያከራክራል፤ አንድ ደብዳቤ ይህን ክርክር ከሥሩ ይዘጋዋል። በውሉ «ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም» ተብሎ ከተጻፈ ግን ነገሩ ያለቀ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ «ደንበኛዬን አላጣም፤ በጨዋነት የጠየቀ ይከፈለዋል፤ ያስፈራራ ይሸሻል።» በዚህ እስማማለሁ። ሕጉ ግን ስድብም ዛቻም አይጠይቅም። «የካቲት 20 ቀን። ለሁለታችሁም የምንሰጠው አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ በውላችን መሠረት ጥር 30 ሊከፈል ይገባ የነበረው 240 ሺህ ብር እስከ መጋቢት 5 ቀን እንዲከፈለን እንጠይቃለን። በዚያ ቀን ካልተከፈለ ወለዱን ጨምረን ክስ እናቀርባለን» የሚለው ለስላሳም ቁርጥም ነው። በተቃራኒው፣ ለማክረር ተብሎ የሚጻፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ጸሐፊውን ራሱን ሲጎዳ ይታያል፦ «ከመጋቢት 5 በኋላ ክፍያ አንቀበልም፣ ውሉን ሰርዘናል።» ይህ ቁጥር 1774 የሚፈቅደው፣ ውል ለማፍረስ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን አነጋገር ነው። ሻጩ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው እንጂ የተጠቀሙበትን ወንበር መመለስ አይደለም፤ ስለዚህ ሌላ ክርክር የሚጠራ ቃል ባይጽፍ ይሻላል።

ይቅርታም ልክ አለው። «ለወዳጅነታችን ስንል ከ200 ሺህ በላይ አንጠይቅም» ብሎ የጻፈ ሻጭ፣ ገንዘቡ ባይገባም 40 ሺሁን እንደማረ ሊቆጠርበት ይችላል፤ በቁጥር 1825 መሠረት ባለገንዘቡ ዕዳውን እንደተወ ለባለዕዳው ካስታወቀና ባለዕዳው ወዲያው ካልተቃወመ ዕዳው ይቀራል። «እስከ መጋቢት 5 ድረስ 200 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ከገባ ብቻ» የሚለው ሐረግ ቸርነቱን አይቀንስም፣ ሻጩን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ መልሱ እንሂድ። ጓደኛሞቹ «ገንዘብ ስላጠረን ጊዜ ስጡን፤ ቀሪውን እንከፍላለን» ብለው ሁለቱም ይፈርማሉ። ብዙ ሰው ይህን «እያንዳንዳችን ግማሽ ግማሽ» ብሎ ይረዳዋል። ሕጉ እንዲያ አይለውም። በቁጥር 1896 መሠረት በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ተባባሪ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ተገዳጆች ናቸው፤ ሻጩ ገንዘብ ያለውን መርጦ ሙሉውን 240 ሺህ ሊጠይቀው ይችላል፣ የከፈለውም ከጓደኛው ድርሻውን መጠየቅ የራሱ ጣጣ ነው። «እያንዳንዳችን 120 ሺህ ብር ብቻ» የሚል ቃል መልካም ነው፤ ውሉ በጋራ ከተፈረመ ግን ሻጩ በጽሑፍ ካልተቀበለው አይረዳቸውም። አንደኛው ብቻውን «እኔ እከፍላለሁ» ቢልም ሌላኛውን ነፃ አያወጣውም፤ ለሌላኛው ግን በመካከላቸው ለሚነሣ ጭቅጭቅ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠዋል።

ገዢው ማኅበር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለወጣል። ሥራ አስኪያጁ «ድርጅታችን ይከፍላል» ብሎ ከነማዕረጉ ቢፈርምና ማኅተም ቢያደርግ የሚገደደው ማኅበሩ ነው። «ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ፣ በእኔ ይሁን» ካለ ግን ራሱን ወደ ጉዳዩ ጎትቷል። እርግጥ ነው፣ በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ የሚነገር እንጂ የሚገመት አይደለም፤ የዋስትናው ከፍተኛ ልክም መጻፍ አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሁልጊዜ ሥራ አስኪያጁን ያስከፍላል ማለት አልችልም። ነገር ግን ሻጩን ለማረጋጋት የተጻፈ ቃል ሰውየውን በተከሳሽነት እንዲጠራ ሊያደርገው ይችላል፤ ወጪውና ድካሙ ያኔውኑ ይጀምራል። «በባህላችን እኔ ማለት መታበይ ይመስላል» ለሚሉኝም መልሴ፣ ከ«እኛ» ይልቅ የድርጅቱን ስም መጻፍ ጨዋነቱንም ግልጽነቱንም ያሟላል የሚል ነው።

ከባለዕዳው ወገን አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ጊዜ የሚለምን ደብዳቤ ዕዳውን ያምናል። ማመን በቁጥር 1851 መሠረት የይርጋውን ጊዜ ያቋርጠዋል፤ በጽሑፍ ካመኑ በኋላ የሚጀምረውም አዲስ የአሥር ዓመት ጊዜ ነው። ዕዳውን በሙሉ የሚያምን ሰው ይህ አያስጨንቀው። ከወንበሮቹ መካከል የ30 ሺህ ብሩ ተሰብሮ ደርሶ ከሆነ ግን «ቀሪውን እንከፍላለን» ከማለት «210 ሺህ ብሩን እናምናለን፤ 30 ሺሁን በተሰበሩት ወንበሮች ምክንያት እንቃወማለን» ማለት ይገባል፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልተነሣ ጉድለት ከስድስት ወር በኋላ ሲነሣ ሰበብ ይመስላል። ጊዜ ከተከለከሉም በቁጥር 1770 መሠረት ዳኛው ሁኔታቸውን አይቶ ከስድስት ወር የማይበልጥ የችሮታ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ለዚያም በየወሩ ምን ያህል መክፈል እንደሚችሉ በቁጥር የጻፉበት ደብዳቤ ይረዳቸዋል። ሁለቱም ወገን ሲልኩ በግልባጩ ላይ ተቀባዩን ስሙን ጽፎ፣ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ እንዲፈርም ያድርጉ፤ እምቢ ካለ በፖስታ በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ።