ረኃብ ዜና የሚሆነው መቼ ነው?

ጋዜጣ የምናነብ ሰዎች በፊተኛው ገጽ ላይ በትልቅ ፊደል የወጣውን ነገር በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ ዋነኛው ነው ብለን እንቀበላለን። ያልወጣውን ግን አናየውምና ስለ እርሱ አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ያልወጣውን ነው። ለምርመራችንም አገራችንን የጎዱትን ሁለት ረኃቦች፣ ማለት የ1965ቱንና የ1977ቱን እንወስዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሚዛኑን እንመልከት። በ1957 ዓ.ም. ዮሐን ጋልቱንግና ማሪ ሆልምቦ ሩጌ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች፣ አራት የአገራቸው ጋዜጦች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውስ እንዴት አድርገው እንደ ዘገቡ ካጠኑ በኋላ፣ አንድ ድርጊት ዜና ለመሆን የሚረዱትን አሥራ ሁለት ጠባዮች ዘረዘሩ። አሥራ ሁለቱን ሁሉ መቁጠር ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልግም፤ ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው የጊዜ ስምምነት ነው። ዕለታዊ ጋዜጣ በየቀኑ ስለሚወጣ፣ በአንድ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ይስማማዋል። ድልድይ ሲፈርስ ዜና ነው፤ ድልድዩ በዝገት ሃያ ዓመት ሲበላ ግን ዜና የሚሆንበት ቀን የለውም። ሁለተኛው ቅርበት ነው። አንባቢው የእኔ ወገን ነው የሚለው ሰው፣ ወይም ኃያል የሚባለው አገር የገባበት ነገር ቶሎ ይታተማል። የሩቁና የድኻው አገር ነገር ግን እጅግ ከፍ ያለ ጥፋት ካልሆነ፣ ወይም ፊቱ የሚታይ ሰው ካልተገኘበት በስተቀር አይታተምም።

እንግዲህ ረኃብን በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ረኃብ የሚጀምርበት ቀን የለውም። መጀመሪያ የበልጉ ዝናም ይቀራል፤ ቀጥሎ ገበሬው በሬውን ይሸጣል፤ ከዚያ ዘሩን ይበላል፤ በመጨረሻም ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው ይወርዳል። ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ ለቤተ ሰቡ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ለጋዜጣው ግን ከትናንቱ የተለየ ነገር አይደለም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጋዜጣው የሚያየው እግር ካወጣ በኋላ ነው።

የወሎው ረኃብ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በኅዳር 1965 ዓ.ም. መጨረሻ ከወሎ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሸዋ የደረሱ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ችግረኞችን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ይረዳ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ የተራቡ ሰዎች አውቶቡሶችን እያቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎን ጎብኝተው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ታዩ። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። የፊልሙም ስም «ያልታወቀው ረኃብ» የሚል ነበር። የወሎ ሞት የበረታው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነበር። እንግዲህ ዓለም ዜናውን የሰማው ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። «ያልታወቀው» የሚለውም ቃል ማን ያላወቀው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል፤ የወሎ ገበሬ፣ የአውቶቡሱ ነጂና የግቢው ተማሪ ያውቁት ነበርና።

አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነገሩ ተደገመ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እህል እንደሚያስፈልገው ለለጋሽ መንግሥታት አስታወቀ። ይህ ማስጠንቀቂያ ቁጥር እንጂ ፊት አልነበረውም፤ የሚናገረውም ገና ስለሚመጣ ነገር ነበር። በሐምሌም ስለ ረኃቡ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ገንዘብም ተዋጣ፤ ዜናው ግን ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሡት ሥዕል ሲታይ ግን ዓለም በአንድ ቀን ተነቃነቀ።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት የሚሰጥ ነገር አለ። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥዕሉን እንዲያሳይ በተጠየቀ ጊዜ፣ በኒው ዮርክ ያሉት አዘጋጆች መጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር። የለንደኑ ቢሮ ኃላፊ ግን ሥዕሉን በሳተላይት ሰደደላቸው፤ ባዩትም ጊዜ አሳባቸውን ለውጠው በዚያው ምሽት አሳዩት። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል በኮረም የተለወጠ ምንም ነገር የለም። የተለወጠው በአዘጋጆቹ ፊት የቀረበው ነገር ነው፤ በቃል የተነገራቸው «በአፍሪካ ረኃብ አለ» የሚለው አሮጌ ወሬ ነበር፤ በዓይናቸው ያዩት ግን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማለዳ ላይ ያሉ ሰዎችን ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ካሜራው ቀን ለሌለው ነገር ቀን፣ ፊት ለሌለው ቁጥር ፊት ሰጠው። ሁለቱም ጠባዮች በአንድ ጊዜ ተሟሉ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ ሚዛን ሁሉን ይገልጻል ብንል እንሳሳታለን። ጋልቱንግና ሩጌ ያጠኑት የታተመውን ነው፤ በሩ ተዘግቶበት ወደ አዘጋጁ ጠረጴዛ ያልደረሰውን ነገር አልለኩም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ ሲከበር፣ ለበዓሉ የመጡት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዲሄዱ አልተፈቀደላቸውም። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን ታላላቆቹ የአገራችን ጋዜጦችና ራዲዮው የመንግሥት ስለ ነበሩ፣ የእኛው አዘጋጅ ዜናውን በሚዛን ላይ የማስቀመጥ ሥልጣን አልነበረውም። እንግዲህ አንድ ነገር ከጋዜጣ ሲቀር ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ወይ አዘጋጁ አይቶ ቀላል መስሎታል፣ ወይም እንዳያይ ተከልክሏል። የመጀመሪያው የልማድ ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው የሥልጣን ሥራ ነው። ሁለቱን አደባልቆ «ጋዜጠኞች ግድ የላቸውም» ማለት በሩን የዘጋውን ሰው ነጻ ማውጣት ይሆናል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ትልቅ ርእስ ባነበብን ጊዜ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። በዚያ ቀን የሆነው አዲስ ነገር ምንድን ነው? ከዚያ በፊትስ ነገሩን ያወቀና የተናገረ ማን ነበር? ለፊተኛው ጥያቄ መልሱ «ፊልም መጣ» ወይም «ባለሥልጣን ጎበኘው» የሚል ከሆነ፣ የርእሱ ቀን የጋዜጣው ቀን እንጂ የጥፋቱ ቀን አይደለም። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ተናጋሪው ተናግሮ ያልታተመለት ከሆነ ነገሩ የአዘጋጁ ሚዛን ነው፤ እንዳይናገር ወይም ጋዜጠኛው እንዳይደርስበት የተደረገ ከሆነ ግን ተጠያቂው ሌላ ነው። በ1965 እና በ1977 የተደረገውን ስንመረምር ሁለቱንም እናገኛለን።

ይኸው ሚዛን ዜናው የሚያበቃበትንም ቀን ይወስናል። የኮረም ሥዕል ከታየ ከወራት በኋላም ሰው በመጠለያዎቹ ይሞት ነበር፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሥዕል የመጀመሪያውን ስለሚመስል አዲስነቱ ቀርቶ ነበር። ረኃቡ ዜና ለመሆን ብዙ ወራት እንደ ጠበቀ ሁሉ፣ ዜናነቱም ከረኃቡ በፊት አለቀ።